ለቤት አምፕሊፋየር የእስፒከር ገመድ አመራረጥ፦ ርዝመቱ፣ ውፍረቱ፣ ባናና ፕለግ ወይስ የተላጠ ሽቦ

ድሬዳዋ ውስጥ ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል ቤተሰቡ ወደ በረንዳ ይወጣል። ምንጣፍ ይነጠፋል፣ ቡና ይፈላል፣ ሙዚቃውም አብሮ እንዲወጣ ይፈለጋል። አምፕሊፋየሩ ግን አቧራና ሕፃን በማይደርስበት ቦታ፣ ሳሎን ቁምሳጥኑ ውስጥ ይቀራል። በሁለቱ መካከል የሚዘረጋው ገመድ ስንት ሜትር ይሁን፣ ምን ያህል ይወፍር፣ ጫፉስ ባናና ፕለግ በሚባለው የብረት መሰኪያ ይሰካ ወይስ ሽቦው ተልጦ በቀጥታ ይታሰር? ሳቢያን ሰፈር የሚኖሩ ጎረቤቴ ቤት የሠራነውን ይዤ አንድ በአንድ አሳያለሁ።

ጎረቤቴ ሁለት እስፒከሮቻቸውን ከሳሎን ወደ በረንዳ አውጥተው ነበር። "ልጄ፣ ከወጡ ጀምሮ ድምፃቸው ሌላ ሆነብኝ" አሉኝ። "ቤዙ ያብጣል፣ ልቅ ይላል። እስፒከሮቹ ተበላሹ መሰለኝ።" እስፒከሮቹ ምንም አልሆኑም። የተለወጠው ገመዱ ነበር፤ ሳሎን እያሉ የነበራቸው ገመድ 3 ሜትር ሲሆን አሁን ለበረንዳው አዲስ ረጅም ገመድ ተገዝቷል።

መጀመሪያ መንገዱን ለኩ

ገመድ ከመግዛታችሁ በፊት ሲባጎ ያዙ። አንዱን ጫፍ አምፕሊፋየሩ ጀርባ ላይ በናስትሮ ለጥፉና ሲባጎውን ገመዱ በሚሄድበት መንገድ ሁሉ አስኪዱት፦ ከቁምሳጥኑ ወርዶ፣ በግድግዳው ግርጌ ዞሮ፣ የበሩን ጉበን ወጥቶና ወርዶ፣ በመስኮቱ ጥግ አልፎ እስከ እስፒከሩ ድረስ። በዓይን መገመት እዚህ ላይ ሁሌም ያሳስታል። ጎረቤቴ ቤት ከአምፕሊፋየሩ እስከ ሩቁ እስፒከር በቀጥታ ቢለካ 6 ሜትር ገደማ ነው። ሲባጎው ሲለካ ግን 13 ሜትር ወጣ፤ በር ላይ ወጥቶ መውረዱ ብቻ 4 ሜትር በላ። በየጫፉ ግማሽ ግማሽ ሜትር ጨምሩበት። አምፕሊፋየሩን ለማጽዳት ስትስቡት ገመዱ እንዳይወጠር፣ ጫፉም ሲያረጅ ተቆርጦ እንደገና የሚላጥ ትርፍ እንዲኖረው ነው። ስለዚህ የእሳቸው ሥራ ለአንድ እስፒከር 14 ሜትር ይፈልጋል።

ሁለቱ ገመዶች እኩል መሆን አለባቸው የሚባለውን ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። አያስፈልግም። ምልክቱ በመዳብ ውስጥ የሚጓዘው ከብርሃን ፍጥነት ብዙም ባላነሰ ፍጥነት ስለሆነ የ8 ሜትር ልዩነት ጆሮ ሊሰማው የሚችል መዘግየት አያመጣም። የድምፅ መጠን ልዩነቱም፣ ገመዱ በበቂ ውፍረት ከተመረጠ፣ ከግማሽ ዴሲቤል በታች ነው። ቅርብ ላለው እስፒከር ሲባል 8 ሜትር ትርፍ ገመድ ጠቅልሎ ከጀርባው ማስቀመጥ ብር ማባከን ነው። በሚያስፈልገው ርዝመት ቁረጡት።

ከዚያ ውፍረቱን ወስኑ

እስፒከሩን ገልብጡና ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ፤ 4፣ 6 ወይም 8 ኦም ይላል። ገመዱም የራሱ ኦም፣ ማለትም ምልክቱን የሚገታ ሬዚስታንስ፣ አለው። ገመዱ ሲረዝም ይጨምራል፣ ሲወፍር ይቀንሳል። ሠራተኞች የሚይዙት መለኪያ ይህ ነው፦ የገመዱ ሬዚስታንስ፣ የሚሄደውና የሚመለሰው ሽቦ ተደምሮ፣ ከእስፒከሩ ኦም ከ5 በመቶ አይብለጥ። ለ8 ኦም እስፒከር እስከ 0.4 ኦም፣ ለ6 ኦም እስከ 0.3፣ ለ4 ኦም እስከ 0.2 ማለት ነው።

የንጹሕ መዳብ ገመድ ሬዚስታንስ በዚህ ይገኛል፤ ሜትሩ የአንድ ወገን ርዝመት ነው፣ መመለሻው ቁጥሩ ውስጥ ገብቷል፦

```
ኦም = 0.0344 × ሜትር ÷ ስኩዌር ሚሊሜትር
```

የእኛ ገበያ ሽቦን የሚጠራው በስኩዌር ሚሊሜትር ነው፤ "ባለ 1.5"፣ "ባለ 2.5" ሲባል ያ ነው። አንዳንድ ከውጭ የመጣ ጥቅል ላይ ግን የአሜሪካኖቹ ጌጅ ይጻፋል፣ እሱ ደግሞ ወደ ኋላ ይቆጠራል፦ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ሽቦው ይወፍራል። 18 ጌጅ 0.8 ገደማ ነው፣ 16 ጌጅ 1.3፣ 14 ጌጅ 2.1፣ 12 ጌጅ 3.3። "16" የሚለውን አይቶ ከ14 ይበልጣል ብሎ የሚገዛ ሰው አይቻለሁ።

ወደ ጎረቤቴ ቤት እንመለስ። እስፒከሮቹ 6 ኦም ናቸው፣ ርዝመቱ 14 ሜትር። ባለ 1.5 ብንወስድ 0.0344 በ14 ተባዝቶ ለ1.5 ሲካፈል 0.32 ኦም ይመጣል፤ ከ0.3 ትንሽ አለፈ። ባለ 2.5 ብንወስድ 0.19 ይሆናል፣ ይህ በደንብ ይበቃል። ስለዚህ ለዚህ ቤት መልሱ ባለ 2.5 ነው። እስፒከሮቹ 8 ኦም ቢሆኑ ኖሮ ግን ባለ 1.5 እስከ 17 ሜትር ድረስ ያለ ችግር ያገለግል ነበር። 4 ኦም ቢሆኑ ደግሞ ያው ባለ 1.5 ከ8 ሜትር ተኩል በላይ አይሄድም። ሳሎን ውስጥ ለሚቀር የ3 እና የ4 ሜትር ገመድ፣ ባለ 1 እንኳን ለማንኛውም እስፒከር ይበቃል፤ እዚያ ላይ ለወፍራም ገመድ ብር አታውጡ።

ለምን 5 በመቶ? ብዙ ሰው ቀጭን ገመድ ድምፁን ያሳንሳል ብሎ ያስባል። ማሳነሱ እውነት ነው፣ ግን ትንሽ ነው። ዋናው ጉዳት ሌላ ነው። የእስፒከር ኦም በጀርባው እንደተጻፈው አንድ ቁጥር ሆኖ አይቆይም። የቤዙ እስፒከር በተፈጥሮው መወዛወዝ በሚወድበት ዝቅተኛ ድምፅ ላይ ኦሙ ብዙ እጥፍ ይወጣል፣ ሌላ ቦታ ላይ ደግሞ ከተጻፈው በታች ይወርዳል። ገመዱ ብዙ ኦም ከጨመረ፣ እስፒከሩ ኦሙ በሚወርድበት ቦታ ላይ ብዙ ይወስድበታል፤ ከፍ በሚልበት ቦታ ላይ ግን እምብዛም አይነካውም። ውጤቱ ያ የቤዝ ጉብታ ከሌላው ጎልቶ ይወጣል፣ አምፕሊፋየሩም የሚወዛወዘውን የእስፒከሩን ወረቀት ገትቶ የመያዝ አቅሙ ይላላል። ጎረቤቴ "ያብጣል፣ ልቅ ይላል" ያሉት ይህንኑ ነው።

የድሬዳዋን ሙቀት የሚፈራ ካለ፦ መዳብ በየዲግሪው 0.4 በመቶ ገደማ ሬዚስታንስ ይጨምራል፣ በ40 ዲግሪ ከ20 ዲግሪው 8 በመቶ ማለት ነው። የእኛ 0.19 ወደ 0.21 ቢሄድ ነው፤ ለዚህ ብላችሁ ውፍረት አትጨምሩ። ፀሐይ የምትጎዳው የላይኛውን ፕላስቲክ ነው። ፀሐይ በቀጥታ የሚያርፍበት ገመድ ፕላስቲኩ እየደረቀ ይሰነጠቃል፣ ስለዚህ በረንዳ ላይ በጣሪያው ጥላ ሥር ወይም በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አሳልፉት።

ገበያ ላይ ሽቦውን እንጂ ፕላስቲኩን አትግዙ

ጎረቤቴ የገዙት ገመድ ላይ "2×2.5" ተጽፎበት ነበር። ሲያዩት ወፍራም፣ ለስላሳ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ፣ ውስጡ ቀይ መዳብ የሚመስል። በስሌቱ መሠረት ምንም ችግር ሊኖረው አይገባም ነበር። ስለዚህ ጫፉን ላጥነው።

ፕላስቲኩ ወፍራም ነው፣ ውስጡ ያለው ሽቦ ግን ቀጭን። ሁለት ነገር ማወቅ ነበረብን፦ እውነተኛ ውፍረቱን እና የተሠራበትን ብረት።

ውፍረቱን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፣ እርሳስና ማስመሪያ ይበቃል። ከገመዱ አንድ ቀጭን ክር ምዘዙ። እርሳሱ ላይ 30 ጊዜ አጠጋግታችሁ ጠምጥሙት፣ በዙሮቹ መካከል ክፍተት እንዳይኖር በጥፍራችሁ ገፋ ገፋ አድርጉ። የጥምጥሙን ስፋት በማስመሪያ ለኩና ለ30 አካፍሉ። የእኛው 4.5 ሚሊሜትር ሆነ፣ ስለዚህ አንዱ ክር 0.15 ሚሊሜትር ነው። ከዚያ በአንዱ ወገን ያሉትን ክሮች ቁጠሩ። ጎረቤቴ መነጽራቸውን አድርገው በመርፌ እየለዩ ቆጠሯቸው፣ 48 ናቸው። የክሩ ውፍረት በራሱ ተባዝቶ፣ በ0.785፣ ከዚያ በክሮቹ ብዛት ሲባዛ ስኩዌር ሚሊሜትሩ ይገኛል፦ 0.15 በ0.15 በ0.785 በ48፣ ይህም 0.85 ነው። 2.5 የተባለው ገመድ 0.85 ሆኖ ተገኘ።

ቀጥሎ ብረቱ። አንዱን ክር ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣችሁ በምላጭ ጀርባ ቀስ እያላችሁ ፋቁት። መዳብ ከሆነ እስከ መሐሉ ድረስ ቀይ ነው። የእኛው ግን ሁለት ሦስት ጊዜ እንደተፋቀ ነጭ ብር መሰለ። ይህ በመዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ነው፤ አንዳንድ ጥቅል ላይ ሲ፣ ሲ፣ ኤ በሚሉ ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደላት ይጻፋል፣ ብዙው ላይ ግን ምንም አይጻፍም። ሁለተኛ ማረጋገጫ ላይተር ነው። ቀጭኑን ክር እሳቱ ላይ ብትይዙት አሉሚኒየሙ ቀልጦ ወዲያው ይበጠሳል ወይም ጫፉ ጠብታ ይሠራል፣ መዳብ ግን ይቀላል እንጂ ቅርጹን አይለቅም። አንድ ነገር ብቻ አትሳቱ፦ ከላይ ነጭ ሆኖ ሲፋቅ ውስጡ ቀይ የሚወጣ ሽቦ አለ፣ እሱ በቆርቆሮ የተለበጠ መዳብ ነው፣ ጥሩ ዕቃ ነው።

የተለበጠ አሉሚኒየም ኃጢአት የለበትም፣ ሬዚስታንሱ ግን ከመዳብ አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ነው። ይህን አውቆ የሚገዛ ሰው አንድ ደረጃ ወፍራም ወስዶ ሊጠቀምበት ይችላል፦ ባለ 1.5 መዳብ በሚበቃበት ቦታ ባለ 2.5 የተለበጠ። ከዚህ ሌላ ግን ክሩ ቶሎ ይሰበራል፣ ብሎን ሥር ሲጨመቅ እየቆየ ይላላል፣ በሊድ መበየድም ያስቸግራል። ምርጫ ካለ መዳቡን ውሰዱ።

አሁን ሙሉውን ሂሳብ እናድርግ። 0.85 መዳብ ቢሆን 14 ሜትሩ 0.57 ኦም ነበር፤ አሉሚኒየም ስለሆነ 0.88 ገደማ ይሆናል። በቴስተር አረጋገጥነው። በእስፒከሩ በኩል ያሉትን ሁለት ጫፎች አንድ ላይ ጠምዝዘን በአምፕሊፋየሩ በኩል ለካን፣ 1.3 አለ። የቴስተሩ ገመዶች ራሳቸው ኦም ስላላቸው ሁለቱን ጫፎቻቸውን አነካክተን ለካን፣ 0.4 አለ። ሲቀነስ 0.9 ይቀራል። ይህን መቀነስ ከረሳችሁ ጥሩ ገመድ ላይም ክፉ ቁጥር ታነባላችሁ። 0.9 ኦም ከ6 ኦም 15 በመቶ ነው፣ ከሚፈቀደው ሦስት እጥፍ። ወደ እስፒከሩ የሚደርሰው ኃይል ሩቡ ያህል ይጎድላል። ጆሮ ላይ ግን ይህ 1.2 ዴሲቤል ብቻ ስለሆነ ጎረቤቴ "ድምፁ ቀነሰ" ሳይሆን "ተለወጠ" ነው ያሉት። ልክ ነበሩ።

ታይዋን ገበያ ወርደን ሌላ ፈለግን። እዚያ የእስፒከር ገመድ ተብሎ የሚሸጠውን ትተን የኤሌክትሪክ ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ ጠየቅን። ለዚህ ሥራ እኔ የምመክረው ባለ ሁለት ሽቦ የመብራት ፍሌክስብል ገመድ ነው፣ ባለብዙ ቀጭን ክር፣ ቡናማና ሰማያዊ፣ 2×1.5 ወይም 2×2.5። ከእስፒከር ገመድ የሚያንስበት ነገር የለም፣ ላዩ ላይ ያለው ሁለተኛ ፕላስቲክም ለበረንዳ ይጠቅማል። ባለሱቁን "አቦ፣ ጫፉን ልላጥ" በሉት፤ የሚከለክል ባለሱቅ ዕቃውን ያውቀዋል ማለት ነው። ድፍኑን የግድግዳ ሽቦ ግን አትግዙ፤ ድምፁን አይጎዳም፣ ግን ሲታጠፍና ሲዘረጋ ይሰበራል።

የመብራት ገመድ ስትጠቀሙ አንድ ግዴታ አለ። በሁለቱም ጫፍ ላይ ወረቀት ጠቅልላችሁ በናስትሮ "እስፒከር" ብላችሁ ጻፉበት። ከዓመት በኋላ አንድ ሰው የማራዘሚያ ገመድ መስሎት ሶኬት ፕለግ እንዳይገጥምበት። ከ220 ቮልት ሽቦ ጋርም በአንድ ቱቦ ውስጥ አታሳልፉት።

ሌላ የማየው ስህተት ባለ ሦስት ሽቦ ገመድ ገዝቶ ሁለት እስፒከር ላይ ማዳረስ ነው፤ ሁለቱ ሽቦዎች ለግራና ለቀኝ ቀይ፣ ሦስተኛው ለሁለቱም ጥቁር። ይህን አታድርጉ። ብዙ አዳዲስ ትንንሽ አምፕሊፋየሮች ጥቁሩ ጫፋቸው ላይም ምልክት ይልካሉ፣ ሁለቱ ጥቁሮች ሲገናኙ አምፕሊፋየሩ ሊቃጠል ይችላል። ለያንዳንዱ እስፒከር የራሱ ሁለት ሽቦ ይሁን።

ጫፉ፦ ባናና ወይስ የተላጠ?

መጀመሪያ አምፕሊፋየራችሁን ጀርባውን እዩ። ተጭኖ የሚከፈት ትንሽ የፕላስቲክ መቆንጠጫ ካለው ባናና ፕለግ አይገባበትም፤ የተላጠ ሽቦ ብቻ ነው፣ ያውም ከባለ 2.5 በላይ አብዛኛውን ጊዜ አይቀበልም። የሚሽከረከር ቀይና ጥቁር ብሎን ካለውና መሐሉ ላይ ቀዳዳ ካለ ሁለቱም ይሆናሉ። ቀዳዳው በትንሽ ፕላስቲክ ክዳን ተደፍኖ ከሆነ ለምን እንደተደፈነ ከታች እመለስበታለሁ።

ድምፅን በተመለከተ ልዩነት የለም። በደንብ የታሰረ የተላጠ ሽቦም ሆነ በደንብ የገባ ባናና የሚጨምሩት ኦም ከገመዱ 0.19 ጋር ሲነጻጸር አይቆጠርም። በወርቅ የተለበጠ ፕለግም እንዳይዝግ ነው እንጂ ድምፅ አይጨምርም። የሚለያዩት በአያያዝ ነው።

የተላጠ ሽቦ አንድ መገናኛ ብቻ አለው፣ ዋጋ የለውም፣ አንዴ ታስሮ ለማይነካ ገመድ የእኔ ምርጫ እሱ ነው። በአግባቡ ለማሰር ከጫፉ 10 ወይም 12 ሚሊሜትር ላጡ፣ ከዚያ በላይ አይሁን። በምላጭ ስትቆርጡ ፕላስቲኩን ዙሪያውን ብቻ ጫር አድርጋችሁ በጣት ሳቡት፤ ክሮቹን ከቆረጣችሁ ባለ 2.5 ገዝታችሁ ባለ 1.5 አሰራችሁ ማለት ነው። ክሮቹን ወደ አንድ አቅጣጫ አጥብቃችሁ ጠምዝዙ፣ ብሎኑ ቀዳዳ ውስጥ አስገቡ፣ በጣት አጥብቁ። ፕላስቲኩ ብሎኑ ሥር እንዳይገባ፣ ባዶ ሽቦም ከብሎኑ ውጭ እንዳይታይ ተመልከቱ። ጫፉን በሊድ ነክሮ ማጠንከር የሚወድ ሰው አለ፤ ብሎን ሥር ለሚገባ ጫፍ አይመከርም። ሊድ ለስላሳ ስለሆነ ሲጨመቅ ቀስ እያለ ይሸሻል፣ ከወራት በኋላ ብሎኑ ላልቶ ታገኙታላችሁ።

የተላጠ ሽቦ አደጋው አንድ የወጣ ክር ነው። 0.15 ሚሊሜትር ብቻ የሆነች ክር ከቀዩ ወደ ጥቁሩ ከደረሰች አምፕሊፋየሩ ይዘጋል፤ መከላከያ የሌለው ከሆነ ደግሞ ትራንዚስተሩ ወይም አይሲው ይቃጠላል። ለዚህ ነው ካሰራችሁ በኋላ የእጅ ባትሪ አብርታችሁ ከጎን ማየት ያለባችሁ። በቀዩና በጥቁሩ መካከል የምትብለጨለጭ ነገር ካለች ፍቱና እንደገና እሰሩ።

ባናና ፕለግ የሚያዋጣው አምፕሊፋየሩ ጠባብ ቁምሳጥን ውስጥ ሆኖ ጀርባውን ማየት ሲያስቸግር፣ ወይም እስፒከሮቹ ለሠርግና ለድግስ ቶሎ ቶሎ ሲነሱ ነው። ፕለጉ የ4 ሚሊሜትር ነው፣ ከታች በብሎን የሚታሰረውን ግዙ። ሽቦው በፕለጉ ወገብ በኩል ሙሉ በሙሉ መግባት አለበት፤ ብዙ ጊዜ የማየው ብልሽት ብሎኑ የሽቦውን ክሮች ሳይሆን ፕላስቲኩን ነክሶ መያዙ ነው። ሲያዩት ጠንካራ ይመስላል፣ ድምፁ ግን ይመጣል ይሄዳል። ካጠበቃችሁ በኋላ ሳብ አድርጉት፤ ከወጣ አልያዘም። ፕለጉ ቀዳዳው ውስጥ ልቅ ብሎ የሚሽከረከር ከሆነም ስፕሪንጉ ደክሟል፣ ቀይሩት።

አሁን ስለዚያ ፕላስቲክ ክዳን። የባናና ፕለግ ውፍረት 4 ሚሊሜትር ነው። ግድግዳችን ላይ ያለው ባለ ሁለት ክብ ቀዳዳ ሶኬትም የሚቀበለው ከ4 እስከ 4.8 ሚሊሜትር የሆነ ፒን ነው። መንታ የሆነው ባናና ፕለግ ደግሞ በሁለቱ ፒኖች መካከል 19 ሚሊሜትር አለው፣ እኩል ከሶኬቱ ጋር። ማለትም የእስፒከር ገመድ ጫፍ ላይ የተንጠለጠለ ባናና ፕለግ ልክ እንደ መብራት ፕለግ ግድግዳው ውስጥ ይገባል። ለአውሮፓ ገበያ የሚሠሩ አምፕሊፋየሮች ቀዳዳቸው ተደፍኖ የሚመጣው በዚህ ምክንያት ነው፣ ሰው ባናናን እንዳይለምድ። በዚህ የገባ 220 ቮልት በቀጥታ እስፒከሩን ያቃጥላል፣ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል፤ ፕለጉን የያዘ ልጅ ደግሞ ብሎኑ ባዶ ብረት ስለሆነ ይነዝረዋል።

ጎረቤቴ ቤት ሦስት የልጅ ልጆች ይሮጣሉ። ስለዚህ ምንም ሳንከራከር የተላጠ ሽቦ መረጥን። ልጅ በሌለበት ቤት ባናና የምትጠቀሙ ከሆነም መንታውን ትታችሁ ነጠላ ነጠላውን ግዙ፣ ገመዱን ስትነቅሉም ጫፉን ወለል ላይ አትተዉ፤ ጠቅልላችሁ ቁምሳጥን ውስጥ አስገቡ።

ማገናኘትና መፈተሽ

አምፕሊፋየሩን አጥፉና ከግድግዳው ንቀሉት። መጀመሪያ እስፒከሩ በኩል እሰሩ፣ አምፕሊፋየሩ በኩል መጨረሻ ላይ። ቡናማው ቀይ ይሁን ብላችሁ ከወሰናችሁ በአራቱም ጫፍ ቡናማው ቀይ ይሁን።

አምፕሊፋየሩ ላይ ከማሰራችሁ በፊት የገመዱን ሁለት ጫፎች በቴስተር ለኩ። 6 ኦም የተጻፈበት እስፒከር በቴስተር ከ4 ኦም በላይ እስከ 5 ኦም ገደማ ያነባል፤ ከተጻፈው ማነሱ ብልሽት አይደለም፣ የተጻፈው ለድምፅ ሞገድ ሲሆን ቴስተሩ የሚለካው የመጠምጠሚያውን ሽቦ ብቻ ነው። የእኛው 4.9 አለ። የቴስተሩ ገመዶች ኦም ተቀንሶ 0.2 ወይም 0.3 ብቻ ቢቀር የሆነ ቦታ ሁለቱ ሽቦዎች ተነካክተዋል ማለት ነው፤ አምፕሊፋየሩ ላይ አታስሩት። ምንም ካላነበበ ደግሞ አንድ ቦታ ተቆርጧል ወይም ብሎኑ ፕላስቲክ ይዟል።

ቀይና ጥቁሩ እንዳልተገለበጠ ለማረጋገጥ ተራ የ1.5 ቮልት ባትሪ ውሰዱ። በአምፕሊፋየሩ በኩል የባትሪውን አወንታዊ ጫፍ ከቀይ ሽቦ፣ አሉታዊውን ከጥቁር ጋር ለአንድ አፍታ ብቻ ነካ አድርጉ። ሌላ ሰው በረንዳ ላይ የትልቁን እስፒከር ወረቀት ይመልከት፦ ወደ ፊት ከወጣ ልክ ነው፣ ወደ ውስጥ ከገባ ተገልብጧል። ሁለቱም እስፒከሮች አንድ ዓይነት ማድረግ አለባቸው። አንዱ ብቻ ከተገለበጠ ቤዙ ይጠፋል፣ ዘፋኙም የት እንዳለ አይታወቅም።

የጎረቤቴ የቀኙ እስፒከር ወደ ውስጥ ገባ። የልጅ ልጃቸው "አያቴ፣ ገባ!" ብሎ ጮኸ። ፈትሸን ስናይ በረንዳው ላይ ያለው ጫፍ ተቀያይሮ ታስሮ ነበር። አስተካክለን፣ ሁለቱንም አምፕሊፋየሩ ላይ አሰርን፣ በእጅ ባትሪ ክር እንደሌለ አየን፣ ድምፁን ዝቅ አድርገን ከፈትነው። ጎረቤቴ ወንበራቸውን በሁለቱ እስፒከሮች መካከል አስቀምጠው ትንሽ ሰሙና "ቤዙ ቦታው ተመለሰ" አሉ። ያ የተለበጠ አሉሚኒየም ገመድም አልተጣለም፤ 4 ሜትሩ ተቆርጦ በ8 ኦም ለሚሠራው ለትንሹ የመኝታ ቤት እስፒከር ሆነ፣ እዚያ 0.25 ኦም ብቻ ስለሚጨምር ይበቃዋል።